በሩ 5 ቀን ቢዘገይ ቤቱ ስንት ቀን ይዘገያል?

*"ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ነው የተመረቅሁት። ደሴ ያለ አንድ ኮንትራክተር ለሳይት ረዳትነት ፈተነኝ። የአንድ ትንሽ ቤት ሥራዎችንና የቀናቸውን ብዛት ሰጥተው ጋንት ቻርት ሥሪ አሉኝ። በተራ ደርድሬ 54 ቀን አመጣሁ። ከዚያ 'ብየዳ ቤቱ በሩን 5 ቀን ቢያዘገይ ቤቱ ስንት ቀን ይዘገያል?' ሲሉኝ 5 ብዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በድጋሚ ጠርተውኛል። ምን ላንብብ? ዝርዝሩንና የሣልኩትን አያይዣለሁ።"*

መልሱ 2 ቀን ነው። 5ቱን ወደ 2 ያወረደው ምን እንደሆነ ከገባሽ ሌላውንም ጥያቄ ትመልሻለሽ። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ አትግለጪ፤ ያንኑ ቤት ደግመን እንሥራው።

ጋንት ቻርት እያንዳንዱን ሥራ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ቀን በሚዘረጋ ባር የሚያሳይ ሥዕል ነው። የሣልሽው ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ እንደ ደረጃ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ሥራ ከሱ በፊት የተጻፈው እስኪያልቅ ይጠብቃል ማለት ነው። ግን በሩ ብየዳ ቤት ሲበየድ ሳይት ላይ ያለው አናጺ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዝርዝሩ የተጻፈበት ተራ የሥራው ተራ አይደለም።

ባር ከመሣልሽ በፊት አንድ ዓምድ ጨምሪና "ከምን ቀጥሎ" ብለሽ ሰይሚው። በየሥራው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ይህን ለመጀመር የግድ ማለቅ ያለበት የትኛው ነው? የመሠረት ግንቡ ቁፋሮውን ይጠብቃል፣ ግሬድ ቢሙ ግንቡን፣ ብሎኬቱ ግሬድ ቢሙን፣ ቶፕ ታይ ቢሙ ብሎኬቱን። እዚህ ድረስ ምርጫ የለም። በርና መስኮቱ ግን በዝርዝሩ መሠረት የሚታዘዘው ብሎኬቱ አልቆ ክፍቱ ከተለካ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚጠብቀው ብሎኬቱን እንጂ ጣሪያውን አይደለም። ልስኑ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ጣሪያው መልበስ አለበት፣ የበሩ ፍሬምም መግባት አለበት። ለሳኙ ፍሬሙን ተከትሎ ነው ጠርዙን የሚዘጋው።

አሁን ባለአራት መዓዘን ደብተር አውጪና አንድ ካሬ አንድ ቀን አድርጊ። ቁፋሮው 3 ቀን ነው፣ ከ1 እስከ 3። ግንቡ 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 8። ግሬድ ቢሙ ከ9 እስከ 11፣ ብሎኬቱ ከ12 እስከ 17፣ ቶፕ ታይ ቢሙ ከ18 እስከ 20። ከዚያ የቢሙ ኮንክሪት እንዲጠነክር የተሰጠ የ4 ቀን ጥበቃ አለ፣ ከ21 እስከ 24። ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል እንጂ ባዶ አይደለም፤ በነጠብጣብ ሣይው። ጣሪያው 5 ቀን ነው፣ ከ25 እስከ 29።

በሩ ብሎኬቱ ባለቀ ማግስት፣ በ18ኛው ቀን ይታዘዛል። 8 ቀን ብየዳ፣ 1 ቀን መግጠም፤ በ26 ያልቃል። ልስኑ የሚጀምረው ከጠበቃቸው ሁለቱ የዘገየው ባለቀ ማግስት ነው። 29 ከ26 ይበልጣል፣ ስለዚህ በ30 ይጀምርና በ35 ያልቃል። ሊሾው ከ36 እስከ 38፣ ቀለሙ ከ39 እስከ 41። የሴፕቲክ ታንኩን ግንብ ለጊዜው ተይው፤ እመለስበታለሁ። ቤቱ 41 ቀን ነው እንጂ 54 አይደለም። ልዩነቱ 13 ቀን፣ የበሩ 9 እና የሴፕቲኩ 4 ነው፤ ሌላ ሥራ እየሄደ ጎን ለጎን የሚያልቁ ናቸው።

በሩ በ26 ያልቃል፣ የሚፈለገው እስከ 29 ነው። ይህ የ3 ቀን ትርፍ ፍሎት ይባላል። 5 ቀን ቢዘገይ 3ቱን ፍሎቱ ይበላዋል፣ 2ቱ ወደ ቤቱ ያልፋል። ቶፕ ታይ ቢሙ ግን 2 ቀን ቢዘገይ ፍሎት ስለሌለው ቤቱ ሙሉውን 2 ቀን ይገፋል። እንዲህ ያለ ፍሎት የሌለው የሥራ ሰንሰለት ነው ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው። በቀይ አቅልሚው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ ሁለቱም ቢዘገዩስ? ቢሙ 2፣ በሩ 5። ብዙ ሰው ደምሮ 7 ይላል። ትንሽ ያሰበ 2 እና 2 ደምሮ 4 ይላል። ቻርቱን ተመልከቺ። ቢሙ 2 ሲዘገይ ጣሪያው በ31 ያልቃል። በሩም 5 ዘግይቶ በ31 ያልቃል። ልስኑ በ32 ይጀምራል። ቤቱ የዘገየው 2 ቀን ብቻ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች መዘግየት አይደመርም፤ የሚያዘገየው የባሰው ነው።

ኤክሴል ላይ ከሠራሽው ይህን ራሱ ያሰላልሻል። የቀኑ ብዛት `B`፣ መጀመሪያው `C`፣ ማብቂያው `D` ዓምድ ይሁን፤ `D` ላይ በየረድፉ `C` ሲደመር `B` ሲቀነስ 1 የሚል ቀመር ጻፊ። ጣሪያው 8ኛ፣ በሩ 9ኛ ረድፍ ላይ ከሆነ፣ የልስኑ መጀመሪያ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=MAX(D8,D9)+1
```

መጀመሪያና ማብቂያውን በእጅ የምትጽፊ ከሆነ አንድ መዘግየት በመጣ ቁጥር ሁሉንም ማረም ነው። ሳይት ላይ ለዚያ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ሴፕቲኩ። ጉድጓዱ ከመሠረቱ ጋር በ3ኛው ቀን ስለሚያልቅ፣ በወረቀት ደረጃ ግንቡ በ4ኛው ቀን መጀመር ይችላል። ግን የተሰጠሽ አንድ የግንበኛ ቡድን ነው። እስከ 20 ድረስ በመሠረቱ፣ በብሎኬቱና በቢሙ ተይዟል። ቢሙ ሲጠበቅ ግን ከ21 እስከ 24 ሥራ ይፈታል፤ ሴፕቲኩም 4 ቀን ነው። እዚያ አስገቢው። የቴክኒክ ጥገኝነት አለ፣ የሰው ጥገኝነትም አለ፤ ሁለተኛውን የሚያይ አመልካች እምብዛም ነው። በግሌ እኔ ፈታኝ ብሆን ከዚህ ሌላ አልጠይቅም ነበር።

እኔ ቀኖቹን በተከታታይ ቆጥሬአለሁ። እውነተኛ ሳይት ላይ እሑድን፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በዓል ታወጫለሽ። ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን አንድ ቀን ትርፍ ያዢለት። ኮንክሪት ግን እሑድ አያውቅም፤ ጥበቃው በበዓልም ይቆጠራል፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው መመደብ ብቻ ነው። 4 ቀኑም ከፈተናው የተወሰደ ነው፤ ሥራ ላይ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ ትቀዘቅዛለች፣ ኮንክሪትም በብርድ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። የኮምቦልቻን ቀን የሐረጎን ዳገት አሻግረሽ ሳትጠይቂ እንዳትጠቀሚበት።

መዘግየትን ለማንበብ ከእያንዳንዱ የዕቅድ ባር ሥር ቀጭን የክንውን ባር ሣይ፤ የዛሬውን ቀንም ከላይ እስከ ታች በመስመር አስምሪ። መጀመር የነበረበት፣ ግን ያላለቀ ሥራ የክንውን ባሩ መስመሩ ላይ ካልደረሰ ወደኋላ ቀርቷል። ብየዳ ቤት ስትደውዪ "ምን ያህል ደረሰ?" አትበዪ። "ሊያልቅ ነው" ይሉሻል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሊያልቅ ነው። "ስንት ቀን ቀረው?" በዪ። በ24ኛው ቀን ደውለሽ ከዚያ ቀን በኋላ መግጠሙን ጨምሮ "7 ቀን" ካሉሽ በ31 ያልቃል፣ ፍሎቱም አልቋል።

ምናልባት "ለማፋጠን ምን ታደርጊያለሽ?" ይሉሻል። ብየዳ ቤቱን ማጣደፍ በዕቅዱ መሠረት አንድ ቀን አያተርፍም። አናጺ ጨምረሽ ጣሪያውን በ3 ቀን ብትጨርሺ ግን በ27 ያልቃል፣ ቤቱም በ39። ይህን ስትመልሺ አንድ ነገር አክይበት፦ የበሩ ፍሎት ከ3 ወደ 1 ወርዷልና፣ አናጺ በተጨመረበት ቀን ብየዳ ቤቱም ይደወልለት።