«ይታደሳል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም

«ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የካፌ ውሌ በሦስት ወር ያልቃል። ‹በስምምነት ይታደሳል፤ ተከራይ ቅድሚያ አለው› ይላል። አከራዬ ከ20,000 ወደ 40,000 ብር አለኝ። ይችላል?»

ወንድሜ፣ እንዳቀረብከው ከሆነ ይችላል። «በስምምነት» ማለት እሱም መስማማት አለበት ማለት ነው። የማራዘም መብት የሚባለው አንተ በጽሑፍ ስታሳውቅ ብቻህን ውሉን የሚያራዝምልህ ነው።

«ቅድሚያ» ግን ዋጋ አለው። ሌላ ሰው እውነተኛ ዋጋ ካቀረበ፣ በዚያው ዋጋ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ስለዚህ 40,000 ያቀረበ ሰው ካለ የቀረበውን በጽሑፍ እንዲያሳይህ ጠይቅ። ችግሩ ውልህ የመልስ ቀን አለመወሰኑ ነው። ዛሬ ነግሮህ ነገ «ዘገየህ» ሊልህ ይችላል። የምትፈልገውን ሳትውል ሳታድር በጽሑፍ ስጠው፤ ቅጂው ላይ አስፈርም።

አሁን ስትደራደር አዲሱ ውል ላይ የማራዘም መብትህንና ዋጋው የሚሰላበትን መንገድ አስጽፍ። «በገበያ ዋጋ» ብቻ ካላችሁ ጠብ ነው፤ የማን ገበያ? እንዲህ ይሁን፦ በዚያው መንገድ ያሉ፣ ስፋታቸው የሚቀራረብ የሦስት ቤቶች ኪራይ አማካይ፤ ጭማሪው ግን ከ25 በመቶ አይበልጥም። ጎረቤቶችህ 24,000፣ 26,000 እና 28,000 ቢከፍሉ አማካዩ 26,000 ነው። ጣሪያው 25,000 ስለሆነ የምትከፍለው 25,000 ይሆናል። ካልተስማማችሁ ዋጋውን የሚወስን ሦስተኛ ሰው ከወዲሁ ይሰየም። ማራዘም እንደምትፈልግ የምትሰጠው ማስታወቂያ አዲሱ ውል ከማለቁ 90 ቀን በፊት ይሁን። ያ ቀን ካለፈ መብቱም ሊያመልጥህ ይችላልና ስልክህ ላይ አላርም ሙላ።