ባለ 16 መስመሩን የሥራ ማስታወቂያ በአራት ክፍል መጻፍ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደሴ ነው። በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቄ 2 ዓመት ከ3 ወር ሠርቻለሁ፤ 9 ወሩ ሽያጭ ላይ፣ ቀሪው በንብረት ያዥነት ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ያወጣውን የንብረት ያዥ ማስታወቂያ ልኬልዎታለሁ። 16 መስመር ሆኖ ሥራው፣ መስፈርቱና ሁኔታው ተደባልቋል፤ የተደጋገመም አለበት። በየክፍሉ ለይቼ ልጽፈው ስጀምር የትኛውን የት እንደማስገባ፣ የትኛውን እንደምሰርዝ ግራ ገባኝ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ማስታወቂያውን አንድም ቃል ሳትለውጪ ገልብጪና ለመስመሮቹ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ስጪያቸው። መስመሮቹን ከቦታቸው ስታነሺ አንዱ ሳይታወቅሽ ሊቀር ይችላል፤ ቁጥሩ ካለ ግን ሥራውን ስትጨርሺ 16ቱም የት እንደገቡ ማመሳከር ትችያለሽ። የሰረዝሽው መስመር ቁጥር እንኳ በእርሱ ምትክ ከቀረው መስመር አጠገብ ይጻፍ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር «ይህ ከተቀጠርኩ በኋላ የምሠራው ነው ወይስ ለመቀጠር ይዤ የምመጣው?» ብለሽ ጠይቂው። የመጀመሪያው ከሆነ ተግባር ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ ችሎታ ነው። የአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይመራሻል፤ «መረከብ»፣ «ማውጣት»፣ «መሳተፍ» የሚሉት ተግባር፣ «ያለው» እና «የሚችል» የሚሉት ደግሞ ችሎታ ናቸው። ነገር ግን በመጨረሻው ቃል ብቻ አትተማመኚ። 7ኛው መስመር «ቢን ካርድ በየዕለቱ መያዝ የሚችል» ስለሚል ችሎታ ይመስላል፤ «በየዕለቱ» የሚለው ቃል ግን የሚናገረው መደርደሪያው ላይ ባለው ካርድ ገቢና ወጪን ዕለት በዕለት ስለ መመዝገብ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ከተግባራት ጋር ነው።

ችሎታውን የግድ ከሚፈለገውና ቢኖር ከሚመረጠው የሚለየው የአሠሪው ቃል ብቻ ነው። «ይመረጣል» ወይም «ቅድሚያ ይሰጠዋል» ካላለ በስተቀር የግድ እንደሚፈለግ አድርገሽ ያዢው፤ ቀላል መስሎ ስለታየሽ ወደ ተመራጭ አታውርጂው፣ ከባድ መስሎ ስለታየሽም ተመራጩን ግዴታ አታድርጊው። 9ኛው «ኤክሴል የሚችል ቢሆን ይመረጣል» እና 14ኛው «በፋብሪካ ንብረት ክፍል የሠራ ቅድሚያ ይሰጠዋል» ተመራጭ ናቸው፤ ሌላ ተመራጭ በማስታወቂያው ውስጥ የለም። ዋስ ማቅረብን የሚጠይቀው 11ኛው መስመር ደግሞ ችሎታ አይደለም። ዋስ በአንቺና በአሠሪው መካከል የሚደረግ የቅጥር ሁኔታ ስለሆነ ከፈረቃው፣ ከሥራ ቦታው፣ ከደመወዙና ከሙከራ ጊዜው ጋር ይቀመጣል።

አሁን ወደ ድግግሞሹ እንምጣ፤ ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መስመሮች ሲመሳሰሉብሽ አንዱን በጣትሽ ሸፍኚና ሌላውን ብቻ አንብቢ። በተሸፈነው ውስጥ የነበረ፣ አሁን ግን የጎደለ ነገር ከሌለ ድግግሞሽ ነውና ይሰረዝ። 5ኛው «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው» እና 15ኛው «ኮምፒውተር መጠቀም የሚችል» እንደዚህ ናቸው፤ 5ኛው ይቆይ፣ 15ኛው ይውጣ። ኤክሴልን የሚጠቅሰው 9ኛው ግን የኮምፒውተር ነገር ስለሆነ ብቻ አብሮ መሰረዝ የለበትም፤ ስለ ሌላ ችሎታ ይናገራል፣ ክፍሉም ሌላ ነው።

4ኛው «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ሲል 10ኛው ደግሞ «ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት በንብረት ያዥነት የሠራ» ይላል። ሁለቱም ስለ ልምድ ስለሚናገሩ አንዱን ለመሰረዝ እጅሽ ሊቸኩል ይችላል። 10ኛውን ብታወጪ ማንኛውም የ2 ዓመት ሥራ የሚበቃ ይመስላል፤ 4ኛውን ብታወጪ ደግሞ 1 ዓመት ብቻ የሚበቃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መስመር አጣምሪያቸው፦ «የ2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህም ቢያንስ 1 ዓመቱ በንብረት ያዥነት (4፣ 10)»። አንቺ በጠቅላላው 27 ወር ሠርተሽ 18ቱን በንብረት ያዥነት ስላሳለፍሽ ሁለቱንም ታሟያለሽ።

ስለ ፈረቃ የሚናገሩት የ3ኛውና የ13ኛው መስመር ጉዳይ እኔንም አንድ ጊዜ አሳስቶኛል። ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አጥራ ተብዬ «በፈረቃ ለመሥራት ፈቃደኛ» የሚለውን አስቀርቼ «የማታ ፈረቃን ጨምሮ» የሚለውን እንደ ድግግሞሽ ሰረዝኩት። ከደሴ እየተመላለሱ ለመሥራት ያመለከቱ ልጆች ተቀጠሩ፤ ተራቸው ደርሶ ማታ ሲመደቡ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ደሴ የሚመለሱበት መኪና አልነበረምና ሁለቱ ሥራውን ለቀቁ። ያጠፋሁት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ማመልከት አለማመልከታቸውን የሚወስነው እርሱ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ መስመሮች የሚቀረው ዝርዝሩን የያዘው ነው። አንዱ ሌላው የሌለውን ዝርዝር ከያዘ ደግሞ እንደ 1ኛውና 8ኛው ይዋሃዳሉ፤ 1ኛው «በሰነድ መረከብ» ሲል 8ኛው ቆጥሮ መረከብንና ጉድለት ሲኖር ማሳወቅን ይጨምራል።

ተጠናቆ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

የሥራው ተግባራት፦ የሚደርሱ ዕቃዎችን በሰነድ ቆጥሮ መረከብና ጉድለት ሲኖር ለኃላፊው ማሳወቅ (1፣ 8)፤ በተፈቀደ የወጪ ሰነድ ዕቃ ማውጣት (6)፤ ቢን ካርድ በየዕለቱ መያዝ (7)፤ በንብረት ቆጠራ መሳተፍ (12)።

የግድ የሚፈለግ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ፣ በሰፕላይ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ ዘርፍ ዲግሪ ወይም ደረጃ 4 (2)፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ከዚህም ቢያንስ 1 ዓመቱ በንብረት ያዥነት (4፣ 10)፤ መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ (5፣ 15)።

ተመራጭ ችሎታ፦ ኤክሴል (9)፤ በፋብሪካ ንብረት ክፍል መሥራት (14)።

የቅጥር ሁኔታ፦ የማታ ፈረቃን ጨምሮ በተመደቡበት ፈረቃ መሥራት (3፣ 13)፤ ዋስ ማቅረብ (11)፤ የሥራ ቦታ ኮምቦልቻ፣ ደመወዝ በስምምነት፣ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት (16)።

16ኛው መስመር ሦስት ነገር አጭቆ ስለያዘ በራስሽ ወረቀት ላይ በሦስት መስመር ክፈይው። የሙከራ ጊዜው አያስደንግጥሽ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን 60 የሥራ ቀን ነውና ከሕጉ አልወጣም። ማስታወቂያው ያላለውን ግን በግምት አትሙይ። ሰርቪስ መኖሩን፣ የማታ ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሚያበቃና ዋሱ የሰው ይሁን የገንዘብ አልጻፈም፤ እነዚህን ከአራቱ ክፍሎች በታች «የሚጠየቅ» ብለሽ ያዢያቸውና ማመልከቻሽን ከማስገባትሽ በፊት ወደ ፋብሪካው ደውለሽ አጣሪ። የደሴ ነዋሪ ስለሆንሽ ከሁሉ በፊት ስለ ሰርቪሱ ጠይቂ።

ክፍሎቹ ከተለዩ በኋላ ማስረጃሽን የምታመሳክሪው የግድ ከሚፈለገው ችሎታ ጋር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ የሥራ መደቡን ስም ሳይለይ «ለ2 ዓመት ከ3 ወር በድርጅታችን አገልግላለች» ብቻ የሚል ከሆነ የ10ኛውን መስመር መስፈርት ማሟላትሽን አያሳይም። የሽያጩ 9 ወርና የንብረት ያዥነቱ 18 ወር ከየመጀመሪያና ከየመጨረሻ ቀናቸው ጋር ተለይተው እንዲጻፉልሽ፣ የምዝገባው ቀን ሳያልፍ የቀድሞ አሠሪሽን ጠይቂ።