ኢንሱሌሽኑን ያላየ ፍተሻ

ጥያቄ፦ «ናቪስወርክስ ላይ መካኒካሉንና ሳኒተሪውን ከስትራክቸሩና ከግድግዳው ጋር ፈትሼ 2300 ግጭት አወጣብኝ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ አንዱንም ግጭት ሳትከፍት ፍተሻውን ከፋፍለው።

1. ዳክት ከቢም ጋር፣ ቱቦ ከቢም ጋር፣ ሁለቱም ከግድግዳ ጋር፦ ሦስቱን ለየብቻ አሂድ። ቱቦ ግድግዳ አልፎ መሄዱ በራሱ ስህተት አይደለም፤ እዚያ የምታየው ቀዳዳ ተትቶለታል ወይስ አልተተወለትም የሚለውን ብቻ ነው። ቢም ግን የስትራክቸር መሐንዲሱ ሳያሰላው አይበሳም፤ ስለዚህ ከቢሙ ጀምር።

2. Tolerance ላይ 10 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ከመጻፍህ በፊት ግን Display Units ምን እንደሆነ እይ። ሜትር ላይ ሆኖ 10 ብለህ ከጻፍክ ፕሮግራሙ 10 ሜትር ብሎ ይረዳዋል፤ ውጤቱ ባዶ ይሆንና ሕንፃው ንጹሕ ነው ብለህ ትፈርማለህ።

3. ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄኛው ነው፦ ኢንሱሌሽን። ከሬቪት በመጣ ሞዴል ላይ የመረጣ ስብስብህን በ Ducts ብቻ ካጣራህ፣ Duct Insulations ሌላ ምድብ ስለሆነ ከፍተሻው ይወጣል። ቱቦም እንዲሁ፤ Pipe Insulations ለብቻው ነው። ሁለቱንም ጨምር።

አንድ ኮሪደር እንውሰድ። የቢሙ ሆድ ከወለል 3.00 ሜትር፣ ኮርኒሱ 2.60 ሜትር ላይ ነው እንበል፤ መሃል ያለው 400 ሚሊ ሜትር ነው። 500 በ300 ዳክት ቢሙን ታክኮ ሲያልፍ 100 ሚሊ ሜትር የተረፈ ይመስላል፣ ፍተሻውም ዝም ይላል። ዙሪያውን 25 ሚሊ ሜትር ኢንሱሌሽን ሲለብስ ግን ቁመቱ 350 ይሆናል። ላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ቢሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዳክቱን ያን ያህል ዝቅ ብታደርገው ደግሞ ከሥር የሚቀርህ 50 ብቻ ነው፤ የዳክቱ መስቀያና የኮርኒሱ ፍሬም በዚያ ይጣላሉ። ይህን የሚያገኘው ገጣሚው ነው፣ ያውም ዳክቱ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ። 750 በ200 ብታደርገው የአየር መተላለፊያው ስፋት ያው ነው፣ ከሥርም 150 ይተርፍሃል። ጠፍጣፋ ዳክት ግን ሰበቃው ይጨምራል፤ መካኒካል መሐንዲሱ ሳያየው አትለውጥ።

ማን ይነሣ የሚለውን ፕሮግራሙ አይነግርህም። በራሱ ተዳፋት የሚወርድ የፍሳሽ ቱቦ ካለ ቦታውን መጀመሪያ ለእሱ ስጥ። በ1 በመቶ ተዳፋት 12 ሜትር የሚሄድ ቱቦ 120 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ቢም ለመዝለል ከፍ ብሎ ተመልሶ ዝቅ ማለት አይችልም። ዳክትና የግፊት ውኃ ቱቦ ይዞራሉ፣ እሱ አይዞርም።

ከዚያ በኋላ ሰብስብ። አንድ ዳክት ስድስት ቢም ቢነካ ስድስት ግጭት ሆኖ ይቆጠራል፣ ውሳኔው ግን አንድ ነው፤ በ Group አስረህ ለአንድ ሰው ስጥ። ቁጥሩ እንዲያንስ ብለው በጅምላ Approved የሚያደርጉ አሉ፤ እባክህ አታድርገው። ሞዴሉ ተስተካክሎ ፍተሻውን ደግመህ ስታሂድ የጠፋው ግጭት ራሱ Resolved ይሆናል። በእጅህ Approved ያልከው ግን ቢሙ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፣ ዳግም የሚያየውም የለም።