ግምቱና ውሉ ተስማምተው ካርታው ሲለይ

«ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የብድር ፋይል ላይ ውሉና የግምት ሪፖርቱ የቦታው ስፋት 472 ካሬ ሜትር ነው ይላሉ፤ ካርታው ግን 400 ይላል። ሁለቱ ስለተስማሙ ካርታው ያረጀ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል? እናንተ የመያዣ ሰነዶቹን ከውሉ ጋር እንዴት ነው የምታመሳክሩት?»

አይለፉት። ውሉና ግምቱ መስማማታቸው እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም። ውል የሚያረቅቀው ሰው የመያዣውን መግለጫ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከግምት ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ በኮምፒውተር የተጻፈ ስለሆነ ለመገልበጥ ይመቻል፤ የካርታው ፎቶኮፒ ግን ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግራል። እንዲህ ሆኖ ከተዘጋጀ 472 አንድ ገማች የለካው አንድ ቁጥር ነው፤ ሁለት ቦታ ተጻፈ እንጂ ሁለት ጊዜ አልተረጋገጠም። መገልበጡን ማወቅም አያስቸግርም። ሪፖርቱ ላይ ያለ የፊደል ግድፈት ወይም ያልተለመደ የአዋሳኝ አገላለጽ ውሉ ላይም እንዳለ ከተገኘ ምንጩ አንድ ነው።

ሦስቱ ሰነዶች የሚመሰክሩት ለየቅል ነው። ቦታው የትኛው እንደሆነ፣ ስፋቱና ባለመብቱ ማን እንደሆነ የሚናገረው ካርታው ነው፤ ካርታው ራሱ ደግሞ የሚታመነው የመዝጋቢው አካል የይዞታ መዝገብ እስከደገፈው ድረስ ነው። ግምቱ የሚመሰክረው ስለ ዋጋውና ገማቹ በሄደበት ቀን መሬቱ ላይ ስላየው ነገር ነው። ውሉ ስለ ንብረቱ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፣ የተዋዋዮቹን ስምምነት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የመያዣው አንቀጽ ላይ ያለው የንብረት መግለጫ ቃል በቃል ከካርታው መምጣት አለበት። ከግምቱ የሚመጣው የዋጋው አኃዝና የሪፖርቱ ቀን ነው።

ለማመሳከር የሚጠቅመው ዘዴ ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፤ መዝገብ፣ ካርታ፣ ግምት፣ ውል። ወደ ታች የካርታ ቁጥር፣ የቦታው መለያ ቁጥር፣ የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ስፋት፣ አራቱ አዋሳኞች፣ በላዩ ያለው ግንባታ፣ ዕዳና እገዳ ይጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓምድ ሌሎቹን ሸፍነው፣ ከራሱ ሰነድ ብቻ እያነበቡ ይሙሉት። ውሉን በአንድ እጅ፣ ካርታውን በሌላ እጅ ይዞ «ይመሳሰላል፣ ይመሳሰላል» እያሉ ምልክት ማድረግ ስህተትን ያሳልፋል። ዓይን የሚጠብቀውን ቁጥር ካየ በኋላ 1058ን 1085 ብሎ ያነባልና። ውሉን በመጨረሻ ይሙሉት። መዝገቡን ግን መጀመሪያ፣ ያውም ተበዳሪው ካመጣው ኮፒ ሳይሆን ከመዝጋቢው አካል በቅርቡ ከተጻፈ ማረጋገጫ።

ካርታው ያረጀ ነው የሚለው ግምትዎ የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው። መዝገቡ ዛሬም 400 ካለ ካርታው አላረጀም። መዝገቡ 472 ካለ ደግሞ አዲስ ካርታ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ያለው ተተክቷልና አዲሱ ቀርቦ ውሉ ላይ የአዲሱ ቁጥር መጻፍ አለበት። ያልተመዘገበ 472 ግን ውል ላይ ቦታ የለውም።

መዝገቡም 400 ብሏል እንበል። ቀጣዩ ሥራ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም መፍትሔው የሚለያየው በምክንያቱ ነው። አንዳንድ ልዩነት ጉዳት የለውም። መሬቱ ተዳፋት ከሆነና ገማቹ ሜትሩን መሬቱን አስይዞ ከዘረጋው ልኬቱ ካርታው ላይ ካለው ይረዝማል፣ ካርታ የሚሠራው አግድም በተወሰደ ርቀት ነውና። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ 25 ሜትር የሆነው ጎን 25.5 ገደማ ይወጣል። ጭማሪው 2 በመቶ ነው፤ 400 ካሬውን 408 ያደርገዋል እንጂ 472 አያደርሰውም። ከ400 ወደ 472 የሄደው 18 በመቶ ነው።

ስለዚህ የሁለቱን ንድፍ ጎን ለጎን ያስቀምጡና የየጎኑን ርዝመት ይዩ። ካርታው 16 በ25 የሚል፣ የግምቱ ንድፍ ደግሞ 16 በ29.5 የሚል ቢሆን ወርዱ አንድ ሆኖ የተለወጠው ወደ ኋላ ያለው ርዝመት ብቻ ነው። የአለካክ ስህተት ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ በሁሉም ጎን ትንሽ ትንሽ ይታይ ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ 4.5 ሜትር ሲጨምር የኋላው አጥር ከወሰኑ ሳያልፍ አልቀረም። አዋሳኙን ሲያነቡ ይህ ይጠናከራል። ካርታው ከኋላ መተላለፊያ መንገድ ያዋስነዋል ካለና ሪፖርቱ ደግሞ የሌላ ሰው አጥር ካለ፣ መንገዱ ግቢው ውስጥ ገብቷል። ገማቹ የለካው አጥሩን ነው። በዓይኑ ያየውን ስለጻፈ አልዋሸም፤ ግን ከካርታው ጋር ማስተያየትና ልዩነቱን ሪፖርቱ ላይ መግለጽ ነበረበት።

አሁን ገንዘቡን እንየው። የገንዘቡን ዓይነት ትተን መሬቱ በካሬ 6,000፣ ቤቱና ሰርቪሱ በድምሩ 3,600,000 ተገምቷል እንበል። በ472 ካሬ መሬቱ 2,832,000፣ ጠቅላላው 6,432,000 ይሆናል። የተጠየቀው ብድር 4,500,000፣ አበዳሪው የሚፈቅደው ጣሪያ የመያዣው ዋጋ 70 በመቶ ቢሆን ብድሩ 69.96 በመቶ ነውና ያልፋል። በካርታው 400 ካሬ ስንሠራው ግን መሬቱ 2,400,000፣ ጠቅላላው 6,000,000 ይሆንና ብድሩ 75 በመቶ ይደርሳል። የሚፈቀደው 4,200,000 ብቻ ነው። ከጣሪያው በታች ለጥቂት ሆኖ የሚያልፍ ፋይል ሲመጣ ስፋቱን ደግሞ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ከካርታው ውጭ ያለው 72 ካሬ ላይ ምን እንደተሠራ መጠየቅ አለበት። ሰርቪስ ቤቶቹ የኋላውን አጥር ተጠግተው የተሠሩ ከሆነ የቆሙት ባልተፈቀደው መሬት ላይ ነው። ለእነሱ የተሰጠው ግምት 420,000 ቢሆን እሱም ይቀነሳል፤ ጠቅላላው 5,580,000፣ ብድሩም 80.6 በመቶ ይሆናል። በ70 በመቶ ጣሪያ የሚፈቀደው 3,906,000 ነው። የ72 ካሬ ልዩነት ብድሩን በ594,000 አሳነሰው ማለት ነው። ይህን ለማየት የግምት ሪፖርቱ የመሬቱን፣ የዋናውን ቤትና የሰርቪሱን ዋጋ ለየብቻ ማሳየት አለበት፤ አንድ ድምር ብቻ ያለው ሪፖርት ይመለስ።

ውሉ ላይ 472 መጻፉ አበዳሪውን አይጠቅመውም። መያዣ ሰጪው የሌለውን መብት በመያዣነት ሊሰጥ አይችልም። ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ ንብረቱ በሐራጅ ቢሸጥ ገዢው የሚረከበው 400 ካሬ ነው። ከዚያም በፊት ተበዳሪው የውሉ መግለጫ ካርታው ላይ ካለው ንብረት ጋር አይገጥምም ብሎ ክርክር ሊያነሳ ይችላል፤ መዝጋቢውም ልዩነቱን አይቶ መያዣውን አልመዘግብም ሊል ይችላል።

ማስተካከያው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከሆነ አድካሚ አይደለም። ገማቹ በካርታው ስፋት ሠርቶ፣ ከወሰን ውጭ ያለውን ግንባታ ለይቶ፣ አዲስ ቀንና ፊርማ ያለው ሪፖርት ያውጣ። አሮጌው ላይ በእስክሪብቶ ሰርዞ መጻፍ አይቀበሉ፤ በኋላ የትኛው ቁጥር መቼ እንደተጻፈ አይታወቅም። ከዚያ ወይ ብድሩ ይቀንስ፣ ወይ ተጨማሪ መያዣ ይምጣ፣ ወይ ባለይዞታው ትርፉን መሬት ሕጋዊ አስደርጎ አዲስ ካርታ እስኪያወጣ ብድሩ ይጠብቅ። «አስተካክላለሁ» የሚል የግዴታ ወረቀት ተቀብሎ ገንዘቡን መልቀቅ የመጀመሪያውን ችግር እንዳለ ያቆየዋል።

ውሉ ተፈርሞ ከሆነ የማሻሻያ ውል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፤ የተበዳሪው ፊርማ ብቻ ይበቃል ይመስላቸዋል። ንብረቱ የሌላ ሰው ከሆነ ማሻሻያው ላይ መፈረም ያለበት መያዣ ሰጪው ነው፣ የጋራ ባለመብት ካለም እሱ ጭምር። መያዣው ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ የማሻሻያው ኮፒ ፋይል ውስጥ መቀመጡ ምዝገባውን አያርመውም። እርማቱ መዝገቡ ላይ መግባቱን የሚያሳይ አዲስ ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ አካሄዱን ግን የሕግ ባለሙያ ይወስነው።

ስለ ቀሩት መስመሮች ጥቂት ልጨምር። የካርታ ቁጥርና የቦታው መለያ ቁጥር አንድ አይደሉም። የካርታ ቁጥር ካርታው ሲታደስ፣ ስም ሲዛወር ወይም ቦታው ሲከፈል ሊለወጥ ይችላል። ግምቱ ላይ የቀድሞው የካርታ ቁጥር ካለ ገማቹ የሠራው በተተካ ካርታ ነው፤ በመካከል ቦታው ተከፍሎ እንደሆነ መዝገቡን ጠይቁ። ውሉ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ።

ስም ላይ የሀ፣ ሐና ኀ ወይም የሰና ሠ ልዩነት ብቻውን ሌላ ሰው መሆኑን አያሳይም። ግን ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ካርታው ላይ እንዳለው ነው፤ መታወቂያው የሚለይ ከሆነ አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይያያዝ። የአያት ስም መለየቱ ግን የፊደል ጉዳይ አይደለም፣ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ዋጋውም ላይ፣ ሪፖርቱ የገበያ ዋጋና የሐራጅ ዋጋ ብሎ ሁለት አኃዝ ከሰጠ ውሉ የትኛውን እንደወሰደ በስሙ ይጥቀስ። መያዣው የሚያስከብረው የገንዘብ መጠን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ቁጥር ነው፤ ከንብረቱ ግምት ላይ ተገልብጦ የተጻፈ ከሆነ ስህተት ነው።

የእርስዎን ፋይል በተመለከተ ዛሬ ማድረግ የሚችሉት፣ የግምቱን ንድፍ አውጥተው አራቱን ጎኖች ከካርታው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ገማቹን ይደውሉለትና ከዚያ ጎን በኩል ምን እንደተሠራ ይጠይቁት።