ቅቤዎ አልከሰረም

«ሁለት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። የሁለት ቀን ወተት፣ 40 ሊትር፣ አርግቼ እንጣለሁ። መኖው፣ ፋጉሎው፣ የእረኛውና የናጭዋ ክፍያ ተደምሮ እስኪናጥ ድረስ 1,800 ብር ይፈጅብኛል። 2 ኪሎ ቅቤ ይወጣኛል፤ ኪሎውን በ800 ብር እሸጣለሁ። በየንጡ 200 ብር እከስራለሁ። አይቡ እንኳ ደህና ነው፤ 4 ኪሎ ወጥቶ ኪሎው በ250 ይሄዳል፣ ለእንጨትና ለመጓጓዣ 200 ቢወስድም። ቅቤውን ትቼ አይብ ብቻ ላውጣ? ወይስ መኖው ነው የጎዳኝ?» (ከሸኖ አካባቢ)

እህቴ፣ መኖዎን አይንኩ። ከሰርኩ ያሉት 200 ብር ከየት እንደመጣ ከደብዳቤዎ ይታያል፦ ከ1,800 ላይ የቅቤውን ሽያጭ 1,600 ሲቀንሱ የሚቀረው ነው። የወተቱን ወጪ በሙሉ በቅቤው ትከሻ ላይ ጭነው አይቡን በነፃ እያሳለፉት ነው ማለት ነው። አይቡ ደህና የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ይህን ልማድ በየቤቱ አየዋለሁ፤ መቅረት አለበት። አሬራው የቅቤ ትርፍራፊ ተደርጎ ይታሰብና አይቡ የሚያስገባው ገንዘብ የጓዳ ሳንቲም ሆኖ ይቀራል። ግን ላሚቱ የበላችው ድርቆሽ ለቅቤው ብቻ አልነበረም። ገንቦው ውስጥ ያለው እርጎ አንድ ነው፤ ቅቤው ተሰብስቦ እስኪወጣ ድረስ ይህ ለቅቤ፣ ያ ለአይብ ብሎ መለየት አይቻልም። እስከዚያች ሰዓት የወጣው ሁሉ የጋራ ወጪ ነው። ቅቤው ተነሥቶ አሬራው ሲቀር መለያያው ነጥብ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለአሬራው ብቻ የሚወጣው እንጨትና መጓጓዣ የአይቡ የራሱ ወጪ ነው።

ቅቤውን ትተው አይብ ብቻ ማውጣትም አያዋጣዎትም። ሳይናጥ ቢያሞቁት ቅባቱ አይቡ ውስጥ ይቀራል፤ ገበያው ግን የሚከፍልዎ በአይብ ዋጋ ነው።

የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተርና ሚዛን ነው። በየንጡ ይህን ይጻፉ፦

ቅቤ፦ 2 ኪሎ × 800 = 1,600
አይብ፦ 4 ኪሎ × 250 = 1,000፣ ሲቀነስ 200 = 800
ድምር፦ 2,400

ቅቤው ከገንቦ እንደወጣ ስለሚሸጥ የሚቀነስለት ወጪ የለም። ከአይቡ ግን ከመለያያው በኋላ የወጣበት 200 ብር ይነሣል። የቀረው 800 ብር የአይቡ የተጣራ የሽያጭ ዋጋ ነው። አሁን የጋራ ወጪውን 1,800 ለ2,400 ያካፍሉ፤ 0.75 ይመጣል። ይህም ማለት እያንዳንዱ ምርት ከሚያስገባው የተጣራ ዋጋ ላይ ለአንድ ብር 75 ሳንቲም የወተት ወጪ ይሸከማል። ስለዚህ ቅቤው 1,200፣ አይቡ 600 ብር ይይዛል። ቅቤው 400 ብር አተረፈ፤ አይቡ ከ800 ላይ 600 ተነሥቶለት 200 አተረፈ። አንድ ኪሎ ቅቤ 600 ብር፣ አንድ ኪሎ አይብ ደግሞ የራሱ እንጨትና መጓጓዣ ተጨምሮበት 200 ብር ይቆምብዎታል።

የሁለቱ ትርፍ ሲደመር 600 ብር ነው። በእርስዎም አቆጣጠር ቅቤው 200 ከስሮ አይቡ 800 አተረፈ ሲባል ድምሩ ያው 600 ነው። የተለወጠው የትኛው ምርት ምን ያህል እንደተሸከመ ብቻ ነው። ድምሩ ካልገጠመልዎ የሆነ ቦታ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ቀንሰዋል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የናጭዋ ክፍያ ይሆናል፣ በ1,800 ውስጥ ተቆጥሮ ሳለ እንደገና ከአይቡ ላይ ይነሣል።

በክብደት እናካፍል የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት። 2 ኪሎ ቅቤና 36 ሊትር ያህል አሬራ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አሬራው ከወጪው 1,705 ብር ገደማ ይወስዳል፤ አይቡም 905 ብር የከሰረ ይመስላል። አሬራ ብዙ ስለሆነ ውድ አይደለም።

አሬራውን እንዳለ የሚገዛዎ ካለ ስሌቱ ይቀላል። ሊትሩ በ15 ብር ቢሄድ 36ቱ 540 ይሆናል። ያን ጊዜ እንጨትም መጓጓዣም ሳይገባ፣ በመለያያው ነጥብ ባለው የሽያጭ ዋጋ ያካፍላሉ፦ 1,600 እና 540፣ ድምሩ 2,140። ቅቤው ወደ 1,346፣ አሬራው ወደ 454 ብር ይይዛል። ግምት ስለማይበዛበት ዋጋው እውነተኛ ከሆነ ይህኛውን እመርጣለሁ። እውነተኛ የምለው ግን 36ቱንም ሊትር በየንጡ የሚወስድ ገዢ ሲኖር ነው። ጎረቤት ለልጆቿ 3 ሊትር የምትወስድበት ዋጋ የ36 ሊትር ዋጋ አይደለም። በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ገዢ ስለመኖሩ ስላልጻፉ፣ የመጀመሪያውን መንገድ ይያዙ።

ደብተሩ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሚዛኑ ነው። ቅቤው በደንብ ሳይታጠብ፣ አሬራ እንደያዘ ቢመዘን ክብደቱ ይነፋል፤ ገበያ ሲደርስ ይጎድላል። አይቡም አጓቱ ሳይጠነፍፍ ቢመዘን 4 ኪሎው 5 ይሆናል። ሁለቱንም ለሽያጭ በሚወጡበት መልክ ይመዝኑ። ሁለተኛው የቤት ፍጆታ ነው። ለቤት ያስቀሩት ግማሽ ኪሎ ቅቤ በገበያ ዋጋው ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የቅቤው ድርሻ ያንሳል፣ ያ ወጪ ወደ አይቡ ይዞራል። እንጨቱንም ከጫካ ለቅሜ ነው ብለው አይተዉት፤ የለቀመው ሰው ቀን ዋጋ አለው። አጓቱን ግን ለጥጆች የሚሰጡት ስለሆነ ድርሻ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በደብተሩ የወጣው የኪሎ ወጪ ገዢን የሚመልሱበት አጥር አይደለም። ነጋዴ አይቡን በኪሎ 190 ልውሰድ ቢልዎት፣ 200 ይቆምብኛል ብለው አይመልሱት። አራቱ ኪሎ 760 ያስገባል፤ 200 ሲነሣ 560 ይቀራል፤ አሬራውን እንዳለ ቢሸጡ ከሚያገኙት 540 ይበልጣል። ሌላ የተሻለ ገዢ ከሌለ ይሽጡለት። ያ የ1,800 ድርሻ ቢሸጡም ባይሸጡም ወጥቷል።

ዋጋ ሲለወጥ ድርሻውም ይለወጣል፤ የፋሲካ ዋጋ ይዘው በሁዳዴ አያካፍሉ። በጾሙ ቅቤው 600፣ አይቡ 150 ቢወርድ፣ 1,200 ሲደመር 600፣ ሲቀነስ 200፣ 1,600 ብር ብቻ ይሆናል። ከ1,800 አነሰ፤ ያን ጊዜ የሚከስረው ቅቤው ወይም አይቡ ሳይሆን ንጡ ሙሉው ነው፣ የትኛውም አከፋፈል አያድነውም። አይብ አይጠብቅም፣ በተገኘው ይሽጡት። ቅቤውን ግን አንጥረው ለፋሲካ ገበያ ያቆዩት፤ ሲነጠር ክብደቱ እንደሚቀንስ አስበው፣ የማንጠሪያውንም እንጨትና ቅመም ከቅቤው ዋጋ ላይ ቀንሰው ይጻፉት።