ደብተራችሁና ኪሳችሁ ይስማማሉ ወይ?

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሂሳብ ስሰራ ነው የኖርኩት፣ ጡረታ ወጥቼም እርሳስና ደብተር ከእጄ አልጠፋም። ወጪያቸውን በእጃቸው የሚመዘግቡ ወጣቶች አያለሁ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን አብዛኞቹ ወር ሲያልቅ ይደምሩና "ውይ ይሄን ሁሉ አጠፋሁ እንዴ" ብለው ደብተሩን ይዘጉታል። ያ ድምር ትክክል ይሁን አይሁን በምን አወቃችሁ? እኔ ላወራችሁ የፈለኩት ስለዚች ነገር ነው።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ገና ምንም ሳታወጡ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውንና ባንክ ያለውን ቁጠሩና ገጹ አናት ላይ ጻፉት፣ ይሄን የሚዘል ሰው ወር መጨረሻ ላይ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። ከዛ በየመስመሩ ቀኑን፣ ለምን እንደወጣ፣ ስንት እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ ደሞ ከኪስ ከሆነ "ኪ" ከባንክ ከሆነ "ባ"። "ልዩ ልዩ" ብላችሁ አትጻፉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናንተም ምን እንደነበር አታስታውሱትም። የሚጻፈው እንደከፈላችሁ ነው፣ ማታ እጽፈዋለሁ የሚል ሰው ትልልቁን ያስታውስና ትንንሹን ይረሳል። ገጽ ሲያልቅ ደምሩና ድምሩን ቀጣዩ ገጽ አናት ላይ አዙሩት።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ከኤቲኤም ያወጣችሁት ብር ወጪ አይደለም፣ ከባንክ ወደ ኪስ ዞረ እንጂ የትም አልሄደም፣ እሱን ወጪ ብላችሁ ጽፋችሁ ከዛ በሱ የገዛችሁትንም ከጻፋችሁ ሁለቴ ቆጠራችሁት ማለት ነው። ለጓደኛ ያበደራችሁትም ወጪ አይደለም ግን ከእጃችሁ ወጥቷል፣ ስለዚ የደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ለብቻው ይጻፍና ወር መጨረሻ ላይ ሲሰላ አብሮ ይቀነስ።

አሁን ወሩ አለቀ እንበል። ሲጀመር ኪስ 1,200 ባንክ 6,300 ነበራችሁ፣ አንድ ላይ 7,500። ደሞዝ 9,000 ገባ፣ 16,500 ሆነ። ደብተሩ ላይ ያለው ወጪ 10,340 ነው፣ ብድር የለም፣ ስለዚ በእጃችሁ መኖር ያለበት 6,160። ስትቆጥሩ ግን ኪስ 480 ባንክ 4,870፣ ድምሩ 5,350 ብቻ። ጉድለቱ 810 ነው። ብዙ ሰው እዚጋ "በቃ የሆነ ቦታ በልቼዋለሁ" ይላል፣ እኛ የሂሳብ ሰዎች ግን መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 እናካፍላለን። 810 ለ9 ሲካፈል 90፣ ምንም ሳይተርፍ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል፣ ስለዚ በዚህ አይን ደብተሩን ስታገላብጡ 1,900 የከፈላችሁትን 1,090 ብላችሁ ጽፋችሁት ታገኛላችሁ። ትክክለኛው ወጪ 11,150 ነው፣ ብሩም አልጠፋም። በእርግጥ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ የተረሳ ወጪም በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል።

ለ9 ካልተካፈለ ምናልባት አንድ ሙሉ መስመር ረስታችኋል፣ የባንክ መልእክቶቻችሁን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ እያያችሁ ምልክት አድርጉበት። ብሩ ከሚጠበቀው በላይ ከተገኘ ደሞ ወይ አንዱን ሁለቴ ጽፋችኋል ወይ የገባላችሁን ሳትጽፉ ቀርታችኋል፣ ደስ አይበላችሁ ያው ስህተት ነው። ከወጪው ከመቶ ሁለት እጅ ለማታልፍ ልዩነት ግን እኔ ማታዬን አላጠፋም፣ "ያልታወቀ" ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ይቺ "ያልታወቀ" በየወሩ እያደገች ከመጣች ግን ማታ ማታ ከትዝታ እየጻፋችሁ ነው።

ሂሳቡ ከተስማማ በኋላ ነው ወጪው የሚታየው። ሰው አይኑ ቶሎ የሚሄደው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው፣ እኔ ደሞ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ነው መጀመሪያ የማየው። አንዴ 1,100 ያወጣችሁበት ጫማ ሲያናድዳችሁ 60፣ 60 እያለ 22 ጊዜ የወጣው ትራንስፖርት 1,320 ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ማንም አላየውም። ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያዙና አንድ አይነቶቹን በአንድ ቀለም አስምሩ፣ ብዛታቸውን ቁጠሩ፣ ከዛ ቀኖቹን እዩ። ደሞዝ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የታጨቁ ከሆነ ችግሩ ዕቃው ሳይሆን ሰሞኑ ነው፣ ወሩን ሙሉ እኩል የተበተኑ ከሆነ ደሞ ቋሚ ወጪ ሆኗል፣ እንደ ቤት ኪራይ አስቀድማችሁ አስቡት።

የሚቀጥለውን ወር ስትጀምሩ ታዲያ ገጹ አናት ላይ የምትጽፉት በእጃችሁ የቆጠራችሁትን 5,350 ነው፣ ደብተሩ "መኖር አለበት" ያለውን እንዳትጽፉ፣ አለበለዚያ ያላገኛችሁት ስህተት ካለ እሱንም ይዛችሁ ነው የምትሻገሩት።