ዲፈርድ፣ ኤምኤስኤኤ እና የወርቅ ቤቶቹ መስታወት

«የድሮዋን ፒያሳ ማታ በኦፕንጂኤል እየሠራሁ ነው። አምፖሎቹ 150 ስለሆኑ ዲፈርድ መረጥኩ። የወርቅ ቤቶቹ መስታወት ከጀርባው ያለውን ያበላሻል፤ 4x ኤምኤስኤኤ ስከፍት ደግሞ የምሰሶዎቹ ጠርዝ ላይ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ላፕቶፔም ይንቀረፈፋል።»

ነጠብጣቡ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጂ-በፈሩን መብራት ከማስላትህ በፊት በ`glBlitFramebuffer` አማካይ አውጥተህለታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቦታን እንደ ቀለም ቴክስቸር የሚያስቀምጥ ኮድ ይህን ካደረገ ይወድቃል። ምሰሶው 2 ሜትር፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ 30 ሜትር ይርቃል እንበል። ከአራቱ ናሙናዎች ሁለቱ ምሰሶውን፣ ሁለቱ ግድግዳውን ከያዙ አማካዩ 16 ሜትር ይሆናል፤ እዚያ ርቀት ላይ ግን አየር እንጂ ምንም ነገር የለም። በአጠገቡ አምፖል ካለ ያ የሌለ ነጥብ ቦግ ይላል። የኖርማሉም አማካይ እንዲሁ የማንም ገጽ አይደለም። አማካይ የሚወጣው ብርሃኑ ከተሰላ በኋላ ካለው ቀለም ነው። ዲፈርድ ላይ ይህ የሚሆነው የጠርዝ ፒክስሎችን ለየናሙናው ስታሰላ ነው፤ ፎርዋርድ ላይ ግን ያለ ተጨማሪ ሥራ ይገኛል።

በጂ-በፈሩ ለአንድ ፒክስል ቦታና ኖርማል 8 8 ባይት፣ ቀለም 4፣ ጥልቀት 4 ቢወስዱ በ1920×1080 ወደ 50 ሜጋባይት ይመጣል፤ በ4x ደግሞ 200። ፎርዋርድ ቀለሙ 8፣ ጥልቀቱ 4 ባይት ሆኖ በ4x 100 ገደማ ይበቃዋል። የግራፊክስ ቺፑ ዋናውን ራም የሚጋራና አንድ ራም ብቻ የተሰካለት ላፕቶፕ ይህ ጭነት ይከብደዋል፤ ሁለተኛ ራም መሰካት ብቻውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ክላስተርድ ፎርዋርድ ዙር። የካሜራውን እይታ 16×9×24 አድርገህ ከፋፍል፤ 3456 ክላስተር ይሆናል። ለእያንዳንዱ አምፖል ቁርጥ ያለ ራዲየስ ስጠው፣ ለመንገድ መብራት 8 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ የሚነካቸው ክላስተሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የቅርቡ ወሰን 0.1፣ የሩቁ 100 ሜትር ሲሆን የጥልቀቱ ክፍል እንዲህ ይገኛል፦

```
int s = clamp(int(24.0 * log(z / 0.1) / log(1000.0)), 0, 23);
```

ለአንድ ክላስተር 64 አምፖል ጣሪያ አድርግ፤ ሼደሩም ከመጻፉ በፊት ቁጥሩን ይፈትሽ። ይህን አደራ እላለሁ፦ ከድንበር ውጪ የተጻፈ ቁጥር ሉፑን ማለቂያ ካሳጣው ድራይቨሩ ይቆማል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ያልተቀመጠ ሥራህም አብሮ ይሄዳል። ጣሪያው ሲሞላ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ባለ ቀጥ ያለ ጠርዝ ጥቁር ካሬ ይታያል።

መስታወቱን ከጂ-በፈር አውጣው። አንድ ፒክስል ላይ አንድ ገጽ ብቻ ስለሚይዝ ብሌንድ ስታደርግ የመስታወቱ ኖርማል ከወርቁ ጋር ይደባለቃል፤ ያ ነው የሚያበላሽብህ። ግልጽ ያልሆነው ሁሉ ካለቀ በኋላ ከሩቅ ወደ ቅርብ ደርድረህ ሳለው፤ የጥልቀት ፍተሻው ይብራ፣ `glDepthMask(GL_FALSE)` ይሁን። ብርሃኑን ከዚያው የክላስተር ዝርዝር ያነባል።

አምፖሎቹ በጣም ደማቅ ከሆኑ ቶንማፑን ከአማካዩ በፊት አድርገው፤ አለዚያ ጠርዛቸው እንደተሰነጣጠቀ ይቀራል። የክላስተሩን ሼደር በነካህ ቁጥር ግን መጀመሪያ ሥራህን አስቀምጥ፣ የ64ቱ ጣሪያ ፍተሻ በቦታው መኖሩንም ዳግም እይ።